የይለፍ ቃል ሲቀየር ኢንተግሬሽን ለምን ይቋረጣል? የተሻረ ሪፍሬሽ ቶክንን በአዲስ ፈቃድ ስለመተካት

የአንድ ኢሜይል አካውንት የይለፍ ቃል ከተቀየረ በኋላ፣ በዚያ አካውንት ስም ሲሠራ የቆየ ኢንተግሬሽን፣ ማለትም አንዱን አገልግሎት ከሌላው የሚያገናኝ ፕሮግራም፣ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ሥራውን ሊያቆም ይችላል። የአካውንቱ ባለቤት የይለፍ ቃሉን መቀየሩን ስለሚያስታውስ፣ ወዲያው ወደ ኢንተግሬሽኑ ማስተካከያ ገጽ ገብቶ አዲሱን የይለፍ ቃል የሚጽፍበትን ሳጥን ይፈልጋል፤ አያገኘውም። ሳጥኑ የሌለው ኢንተግሬሽኑ የድሮውንም የይለፍ ቃል ከመጀመሪያው ስላላወቀው ነው። የተቋረጠው አንድ ጊዜ በሰው እጅ የተሰጠ ፈቃድ ነው፤ ያንን ፈቃድ መልሶ መስጠት የሚችለውም ያው ሰው ብቻ ነው።

ጉዳዩን በአንድ ምሳሌ ብንከታተለው ይቀላል። ደብረ ብርሃን ላይ የመንዝን የሱፍ ውጤቶች፣ በርኖስና ምንጣፍ፣ የሚሸጥ አንድ አነስተኛ ድርጅት አለ እንበል። ትዕዛዝ የሚመጣለት በአንድ የጂሜይል አድራሻ ነው። አንድ ኢንተግሬሽን በየ10 ደቂቃው ኢሜይሉን እያነበበ የደንበኛውን ስም፣ የዕቃውን ዓይነትና ብዛቱን ወደ ጉግል ሺት ይገለብጣል፤ መሐል ሜዳ ከተማ ያለው የሸማኔዎቹ አስተባባሪም ሺቱን በስልኩ ከፍቶ ሥራ ያከፋፍላል። ኢሜይል ማንበቢያው ፈቃድና ሺት ላይ መጻፊያው ፈቃድ ለየብቻ የተሰጡ ናቸው፤ ይህ ነጥብ ኋላ ላይ ያስፈልገናል።

ሰኞ ጥር 5 ቀን 2017 ዓ.ም. ከጠዋቱ 3 ሰዓት ገደማ፣ አንድ ሠራተኛ ሥራ በመልቀቁ ሥራ አስኪያጇ የጂሜይሉን የይለፍ ቃል ቀየሩ። ያደረጉት ትክክል ነው። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሺቱ ላይ አዲስ መስመር አልተጨመረም፤ ነገር ግን ሺቱ እንደ ወትሮው ይከፈታል፣ የስህተት መልእክትም አይታይበትም። ረቡዕ ዕለት አስተባባሪው ደውሎ «እትዬ፣ በዚህ ሳምንት ሥራ የለም ማለት ነው? ለጥምቀት ይደርሳል ብለን ፈትሉን ሁሉ አዘጋጅተን ነበር» ሲል ነው ነገሩ የታወቀው። ትዕዛዞቹ ግን ሁለቱንም ቀን እየመጡ ኢሜይሉ ውስጥ ተቀምጠዋል።

ኢንተግሬሽኑ ያለ ይለፍ ቃል እንዴት ኢሜይል ያነብ እንደነበር ማወቅ ያስፈልጋል። ጉግልም ሆነ ሌሎች ትልልቅ አገልግሎቶች በዚህ ረገድ የሚከተሉት OAuth 2.0 የሚባለውን ደንብ ሲሆን፣ ደንቡ RFC 6749 በሚል መለያ እ.ኤ.አ. በ2012 ታትሟል። በዚህ ደንብ መሠረት ባለቤቱ በጉግል በራሱ ገጽ ላይ ገብቶ «ይህ ፕሮግራም ኢሜይሌን ያንብብ» ብሎ ሲፈቅድ፣ ጉግል ለፕሮግራሙ ሁለት የተለያዩ ቶክኖች፣ ማለትም ፈቃዱን የሚያሳዩ ምሥጢራዊ ኮዶች፣ ይሰጠዋል። አክሰስ ቶክን የሚባለው ፕሮግራሙ ኢሜይል በጠየቀ ቁጥር የሚያሳየው ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚያገለግለው ለ3600 ሰከንድ፣ ማለትም ለአንድ ሰዓት ብቻ ነው። ሪፍሬሽ ቶክን የሚባለው ደግሞ ለረዥም ጊዜ የሚቆይ ሆኖ፣ አክሰስ ቶክኑ ጊዜው ባለፈ ቁጥር ሌላ አዲስ አክሰስ ቶክን ለማውጣት ብቻ ያገለግላል። ፕሮግራሙ በየሰዓቱ ባለቤቱን ሳያስቸግር ለወራት የሚሠራው በዚህ ሁለተኛው ቶክን ነው።

ሪፍሬሽ ቶክንን እንደ ውክልና ሰነድ ማየት ይቻላል። ተወካዩ የወካዩን ፊርማ አያውቅም፣ ማወቅም አያስፈልገውም፤ ሰነዱ እስካልተሻረ ድረስ በተፈቀደለት ጉዳይ ላይ ብቻ ይሠራል፤ ሰነዱ ከተሻረ ደግሞ ያንኑ ወረቀት አሥር ጊዜ ቢያቀርብ ዋጋ የለውም፣ ወካዩ ቀርቦ አዲስ ውክልና መስጠት አለበት።

የይለፍ ቃል መቀየር ይህን ፈቃድ የሚሽረው ሁልጊዜ አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚደናገረውም እዚህ ላይ ነው። የጉግል ደንብ፣ ሪፍሬሽ ቶክኑ ከያዛቸው ፈቃዶች መካከል የጂሜይል ፈቃድ ካለበት፣ ባለቤቱ የይለፍ ቃሉን ሲቀይር ቶክኑ ይሻራል ይላል። ለሺት ወይም ለካላንደር ብቻ የተሰጠ ቶክን ግን በዚህ ምክንያት አይሻርም። በምሳሌያችን ኢሜይል ማንበቢያው ሲቆም ሺቱ እንደ ወትሮው የቆየው ለዚህ ነው። ሁለቱ ፈቃዶች በአንድ ቶክን ተጠቃለው ቢሆን ኖሮ፣ በጂሜይሉ ምክንያት ሺት ላይ መጻፍም አብሮ ይቆም ነበር።

ኢሜይል ለብቻው የተለየ ጥብቅነት የተደረገበት በቂ ምክንያት አለው። የባንክም፣ የማኅበራዊ ገጽም፣ የሌላ አካውንትም የይለፍ ቃል ጠፋ ሲባል መቀየሪያው ሊንክ ብዙውን ጊዜ የሚላከው ወደ ኢሜይል ነው። አንድ ሌባ ባለቤቱን አታሎ ለራሱ ፕሮግራም የኢሜይል ማንበቢያ ፈቃድ አስወስዶ ቢሆን፣ የይለፍ ቃሉ ቢቀየርም በያዘው ሪፍሬሽ ቶክን ማንበቡን በቀጠለ ነበር። ጉግል ባለቤቱ የይለፍ ቃሉን የቀየረው በሥራ ደንብ ይሁን በስጋት መለየት ስለማይችል፣ የኢሜይል ፈቃድ ያላቸውን ቶክኖች ሁሉ ሽሮ ባለቤቱ የሚያምነውን እንደገና እንዲፈቅድ ያደርጋል። በእኔ እምነት ይህ ለተጠቃሚው የሚበጅ አሠራር ነው፤ ይህን ፈርቶ የይለፍ ቃል ሳይቀይሩ መቆየት ግን በፍጹም ተገቢ አይደለም።

አሁን ወደ ምርመራው እንግባ። የኢንተግሬሽኑን ሎግ፣ ማለትም የሥራ መዝገቡን፣ የከፈተ ሰው ሁለት ዓይነት እምቢታ ሊያገኝ ይችላል፤ ሁለቱን ማምታታት ብዙ ጊዜ ያባክናል። የመጀመሪያው፣ ኢሜይል ሲጠየቅ የሚመጣው 401 የሚል መልስ ነው። ይህ አክሰስ ቶክኑ እንደማያገለግል ብቻ ይናገራል፤ በየሰዓቱ የሚያጋጥም የተለመደ ነገር በመሆኑ ለብቻው አያሳስብም። ወሳኙ ፕሮግራሙ ከዚያ ቀጥሎ አዲስ አክሰስ ቶክን ለማውጣት ሲሄድ የሚሰጠው መልስ ነው። ሪፍሬሽ ቶክኑ ተሽሮ ከሆነ፣ 400 ከሚል የሁኔታ ቁጥር ጋር ይህን ያገኛል፦

```
{
  "error": "invalid_grant",
  "error_description": "Token has been expired or revoked."
}
```

ይህን መልስ ያየ ሰው ኔትወርክን፣ መብራትን ወይም ሰርቨርን መጠርጠር ማቆም አለበት። ኔትወርክ ቢቋረጥ ኖሮ ከጉግል መልስ ራሱ አይመጣም ነበር። የፕሮግራሙ የራሱ መለያ ወይም ምሥጢራዊ ቁልፍ ቢሳሳት ደግሞ መልሱ `invalid_client` ይሆን ነበር። `invalid_grant` በመጠበቅም ሆነ በመደጋገም አይስተካከልም፤ ስለዚህ ፕሮግራሙ በየ10 ደቂቃው ያንኑ ጥያቄ እየደጋገመ ሎጉን እንዳይሞላው በሰዓት የሚነሣውን ሥራ ለጊዜው ማስቆም ይሻላል። ኢሜይሉ በማይክሮሶፍት 365 ላይ ከሆነ በተመሳሳይ ሁኔታ የሚታየው መለያ `AADSTS50173` ነው፤ መፍትሔውም በመሠረቱ ያው ነው።

መንስኤው የይለፍ ቃሉ መቀየር መሆኑን ለማረጋገጥ ሁለት ሰዓቶችን ማነጻጸር ያስፈልጋል፦ የይለፍ ቃሉ የተቀየረበትንና የመጀመሪያው `invalid_grant` የተመዘገበበትን። የመጀመሪያውን ቀን በጉግል አካውንቱ የደኅንነት ገጽ ላይ ከይለፍ ቃሉ ጎን ተጽፎ ማግኘት ይቻላል። ሁለተኛው ሎጉ ውስጥ አለ፤ ሆኖም የአብዛኞቹ ሰርቨሮች ሎግ የሚጻፈው በዓለም አቀፉ ሰዓት በ`UTC` ነው። በእኛ አቆጣጠር ሰዓቱን ለማግኘት ከሎጉ ላይ 3 መቀነስ ነው፤ 3 የሚደምር ሰው የሚያገኘው በስልክ ላይ በፈረንጅ አቆጣጠር የሚታየውን ሰዓት ነው። በምሳሌያችን ሎጉ የመጨረሻውን የተሳካ ንባብ 06:10፣ የመጀመሪያውን ስህተት ደግሞ 06:20 ላይ መዝግቧል፤ ይህም ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከ10 እና 3 ሰዓት ከ20 መሆኑ ነው። ስህተቱ ወዲያው ወይም አሮጌው አክሰስ ቶክን ጊዜው እስኪያበቃ ቆይቶ ሊታይ ስለሚችል፣ በሁለቱ ክስተቶች መካከል እስከ አንድ ሰዓት ያለ ልዩነት ቢገኝ አያስደንቅም።

ሰዓቶቹ ካልተቀራረቡ ሌላ መንስኤ መፈለግ ነው። አንዱ፣ ፕሮግራሙ በጉግል ክላውድ ላይ ተመዝግቦ ሳለ የኅትመት ሁኔታው `Testing` እንደሆነ መተዉ ነው፤ በዚህ ጊዜ የጂሜይል ፈቃድ ያለው ሪፍሬሽ ቶክን በ7 ቀን ውስጥ ያበቃል። ስለዚህ በየሳምንቱ በተመሳሳይ ቀን የሚቋረጥ ኢንተግሬሽን ካለ የይለፍ ቃሉን መውቀስ አይገባም። ስድስት ወር ሙሉ ሳይሠራበት የቆየ ቶክንም ያበቃል። ባለቤቱ ራሱ ከአካውንቱ ገጽ ላይ ፕሮግራሙን አስወግዶት ከሆነም ውጤቱ ተመሳሳይ ነው።

መንስኤው ከታወቀ በኋላ ፈቃዱን መልሶ መስጠት ራሱ ከአምስት ደቂቃ አያልፍም፤ ጥንቃቄ የሚሹ ጥቂት ቦታዎች ግን አሉበት። አንደኛው፣ ኢንተግሬሽኑን አጥፍቶ እንደ አዲስ የመሥራት ፈተና ነው። ይህ አያስፈልግም፤ ይጎዳልም። የተገናኙት ሥራዎች፣ የትኛው ኢሜይል ድረስ እንደተነበበ የሚያሳየው ምልክትና የመስኮች አደረጃጀት አብረው ሊጠፉ ይችላሉ። በአብዛኞቹ የተዘጋጁ መሣሪያዎች ላይ ባለው ግንኙነት ጎን `Reconnect` የሚል አዝራር ይገኛል፤ መጫን ያለበት እሱ ነው።

ሁለተኛው የአካውንት ምርጫ ነው። ፈቃዱን የሚሰጠው ሰው ብራውዘሩ ላይ የግል ጂሜይሉ ተከፍቶ ከሆነ፣ የመምረጫው ገጽ ሲመጣ ሳያስተውል የግሉን ሊጫን ይችላል። ግንኙነቱ ይሳካል፣ አረንጓዴ ምልክትም ይታያል፤ ነገር ግን ኢንተግሬሽኑ የሚያነበው ትዕዛዝ የማይመጣበትን ሣጥን ነው። ይህን ለማስቀረት የብራውዘሩን የግል መስኮት ከፍቶ፣ በትዕዛዝ መቀበያው አድራሻና በአዲሱ የይለፍ ቃል ብቻ መግባት ይበጃል። አዲሱ የይለፍ ቃል በዚህ ሁሉ ሂደት የሚጻፈው እዚህ፣ በጉግል ገጽ ላይ ብቻ ነው። በስልክ የሚረዳ ቴክኒሻን ቢኖርም እንኳ የይለፍ ቃሉን ለእሱ መላክ አያስፈልግም፤ በጨዋ ቋንቋ «እትዬ፣ ለእኔ አይንገሩኝ፣ እርስዎ ራስዎ ይጻፉት» ሊል የሚገባው እሱ ነው።

ሦስተኛው የፈቃድ ገጹ ነው። ፕሮግራሙ ከአንድ በላይ ፈቃድ ሲጠይቅ ጉግል እያንዳንዱን በየራሱ ምልክት ማድረጊያ ሳጥን ሊያቀርበው ይችላል። የኢሜይል ማንበቢያው ሳጥን ምልክት ሳይደረግበት «ቀጥል» ከተባለ፣ ግንኙነቱ የተሳካ ይመስላል፤ ኢሜይል ሊነበብ ሲል ግን ይህ ቶክን በቂ ፈቃድ የለውም የሚል 403 መልስ ይመጣል። ገጹን ረጋ ብሎ ማንበብ በቂ ነው።

ኢንተግሬሽኑን ራሱ የጻፈ ሰው ካለ አንድ ተጨማሪ ነገር ይመለከተዋል። ጉግል ሪፍሬሽ ቶክን የሚሰጠው ፕሮግራሙ ባለቤቱ በሌለበትም እንደሚሠራ አስቀድሞ ሲናገር ነው፤ በተለምዶም ባለቤቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በፈቀደበት ወቅት ብቻ ይሰጣል። ስለዚህ ፈቃድ የሚጠየቅበት አድራሻ እነዚህን ሁለት ነገሮች መያዝ አለበት፦

```
access_type=offline&prompt=consent
```

ሁለተኛው ካልተጨመረ አክሰስ ቶክን ብቻ መጥቶ ሪፍሬሽ ቶክኑ ላይመጣ ይችላል። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ኢንተግሬሽኑ ይገናኛል፣ አንድ ሰዓት ያህል በደንብ ይሠራል፣ ከዚያ እንደገና ይቆማል። አዲሱ ሪፍሬሽ ቶክን በትክክል መቀመጡንና መሥራቱን ለማወቅ አንድ ሰዓት መጠበቅ ሳያስፈልግ፣ በቀጥታ አክሰስ ቶክን እንዲያወጣ መጠየቅ ይቻላል፦

```
curl https://oauth2.googleapis.com/token \
  -d client_id=CLIENT_ID \
  -d client_secret=CLIENT_SECRET \
  -d refresh_token=REFRESH_TOKEN \
  -d grant_type=refresh_token
```

መልሱ `access_token` የያዘ ከሆነ ቶክኑ ደኅና ነው። ይህ ደኅና ሆኖ ኢንተግሬሽኑ ግን አሁንም `invalid_grant` የሚል ከሆነ፣ እየሠራ ያለው ፕሮግራም ሲነሣ ያነበበውን አሮጌ ቶክን እንደያዘ ነው ማለት ነው፤ አቁሞ እንደገና ማስነሣት ይበቃል።

ብዙዎች ግንኙነቱ ከተመለሰ በኋላ ሥራው አበቃ ብለው ይተዉታል። በምሳሌያችን ግን ከሰኞ ጠዋት እስከ ረቡዕ የገቡት ትዕዛዞች ገና ሺቱ ላይ የሉም፤ በራሳቸውም ላይመጡ ይችላሉ። ኢንተግሬሽኑ የሚፈልገው ያልተነበቡ ኢሜይሎችን ብቻ ከሆነ፣ ሥራ አስኪያጇ በእነዚህ ቀናት በስልካቸው ከፍተው ያዩዋቸው ትዕዛዞች «የተነበቡ» ስለሆኑ ፕሮግራሙ ያልፋቸዋል። ስለዚህ የጎደለውን ጊዜ ለይቶ፣ የተነበበም ያልተነበበም ሳይል እንደገና ማስገባት ያስፈልጋል።

የጊዜው አገላለጽ ራሱ ወጥመድ አለበት። በጂሜይል ኤፒአይ በኩል `after:2025/01/13` ተብሎ ሲፈለግ ቀኑ የሚጀምረው በአሜሪካ ምዕራብ ጠረፍ እኩለ ሌሊት ሲሆን፣ ያ በእኛ ከጠዋቱ 5 ሰዓት ነው። ጥር 5 ማለት ጃንዋሪ 13 ነው ብሎ ይህንኑ የጻፈ ሰው፣ ከ3 ሰዓት ከ10 እስከ 5 ሰዓት የገቡትን ትዕዛዞች ሳያውቀው ይጥላቸዋል። አንድ ቀን ወደ ኋላ መሄድ ወይም ሰዓቱን በሰከንድ ቁጥር መስጠት ይህን ያስቀራል፦

```
after:1736747400
```

ይህ ቁጥር ሰኞ ጥር 5 ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ50 ነው፤ ከመጨረሻው የተሳካ ንባብ 20 ደቂቃ ይቀድማል። ጥቂት ወደ ኋላ ሲኬድ አንዳንድ ትዕዛዝ ሁለት ጊዜ ሊገባ ይችላል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ኢሜይል ያለውን የማይደገም መለያ በሺቱ አንድ ዓምድ ውስጥ አስቀምጦ፣ መለያው ቀድሞ ካለ መስመሩን መዝለል ያስፈልጋል። አንድ ሸማኔ ያንኑ ምንጣፍ ሁለት ጊዜ እንዳይጀምር የሚጠብቀው ይህ ዓምድ ነው።

የይለፍ ቃል ወደፊትም መቀየሩ ስለማይቀር፣ ዳግም ሲቀየር ጉዳቱ እንዲያንስ ማድረግ ይቻላል። «አፕ ፓስዋርድ» የሚባለውን፣ ለአንድ ፕሮግራም ብቻ ተለይቶ የሚወጣ የይለፍ ቃል፣ እንደ መፍትሔ የሚያቀርቡ አሉ፤ ዋናው የይለፍ ቃል ሲቀየር እሱም ስለሚሻር አይጠቅምም። ድርጅቱ በራሱ አድራሻ የጉግል ወርክስፔስ ተጠቃሚ ከሆነ፣ አስተዳዳሪው ሰርቪስ አካውንት በሚባል መንገድ በሰው ይለፍ ቃል ላይ ያልተመሠረተ ፈቃድ ሊሰጥ ይችላል፤ በተራ የ`gmail.com` አድራሻ ግን ይህ አይቻልም። ለእንዲህ ዓይነቱ አነስተኛ ድርጅት የኢሜይሉንና የሺቱን ፈቃድ እንደተለያዩ ማቆየትና የይለፍ ቃል በሚቀየርበት ዕለት `Reconnect` መጫንን የዚያው ሥራ አካል ማድረግ ይበቃል።

ማስጠንቀቂያን በተመለከተ፣ ኢንተግሬሽኑ ሲቆም የሚልከው መልእክት በዚያው በተቋረጠው ጂሜይል በኩል የሚወጣ ከሆነ አይደርስም፤ ስለዚህ `invalid_grant` በታየ ቁጥር በቴሌግራም ወይም በአጭር መልእክት እንዲሄድ ማድረግ ያስፈልጋል። ከዚህም በላይ፣ በሺቱ የመጀመሪያ መስመር ላይ «ኢሜይል መጨረሻ የተነበበው» የሚል ሰዓት ቢጨመርና ኢንተግሬሽኑ ንባቡ በተሳካለት ቁጥር ትዕዛዝ ባይኖርም እንኳ ሰዓቱን ቢያድሰው፣ መሐል ሜዳ ያለው አስተባባሪ ሺቱን ሲከፍት ትዕዛዝ ያልመጣበትን ቀን ኢሜይል ካልተነበበበት ቀን ለይቶ ማየትና ሰዓቱ ካለፈ ዕለቱኑ መደወል ይችላል።